ነፍሰ ጡር ሴት ስለምትጠጣው መጠጥና ቡና፥ ስለ ትምባሆም
በጣና ዳርቻ ላሉ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ መንደሮች በማኅበርና በሰንበቴ ዕለት ጠላ ሲቀዳ ነፍሰ ጡሯም ድርሻዋን ትቀበላለች። «የሚጎዳስ አረቄ ነው፤ ጠላ ግን እህል ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አነጋገር እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን በስፍር ለክተን እንመልከት።

የጠላ ብርታት ከቤት ቤት ይለያያል። ከመቶው 4 እጅ አልኮል ያለበትን ጠላ ብንወስድ፥ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል ይገኛል። አረቄው ከመቶው 40 እጅ አልኮል ቢኖረው፥ 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ውስጥ ያው 20 ሚሊ ሊትር አለ። እንግዲህ በማኅበር ሦስት ጣሳ ጠላ የጠጣች ሴት ሦስት መለኪያ አረቄ እንደ ጠጣች ትቆጠራለች። ቅራሪም ቢሆን አልኮሉ አነሰ እንጂ አልጠፋም።

አልኮል በእናቲቱ ደም ሄዶ የእንግዴ ልጁን ያልፍና ወደ ሕፃኑ ይገባል። የሕፃኑ ጉበት ገና ያልጠና ስለ ሆነ መጠጡን ለማስወገድ አይችልም፤ እናቱ እስክታስወግድለት ድረስ ይጠብቃል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 በፈረንሳይ አገር፥ በ1973ም በአሜሪካ፥ ሐኪሞች ብዙ ይጠጡ ከነበሩ እናቶች የተወለዱ ልጆችን መርምረው አንድ ዓይነት ምልክት አገኙ። ልጆቹ በቁመትና በክብደት አነስተኞች ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠባብ፥ የላይኛው ከንፈራቸውም ስስ ነበር። ትምህርት ለመያዝም ይቸገሩ ነበር።

መልክ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚጠጣው መጠጥ ነው፤ አንጎል ግን እስከ መውለጃው ቀን ድረስ ስለሚሠራ በየትኛውም ወር ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር ይጨምራል፤ ይልቁንም በአንድ ቀን ብዙ መጠጣት እጅግ ይከፋል። ጥቂት መጠጥ ጉዳት እንደሚያደርስ በግልጥ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን «እስከዚህ ድረስ አይጎዳም» የሚባል ልክ አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪሞች ፈጽሞ አለመጠጣትን ይመክራሉ። እርግዝናዋን ሳታውቅ የጠጣች ሴት ባወቀችበት ቀን ብትተው ለሕፃኑ ይጠቅመዋል። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ግን በድንገት ስታቆም ልትታመም ስለምትችል አስቀድማ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

መምህር ሆይ፤ የተነገረውን የሚረሳ፥ ቁጥር የማይገባው፥ አርፎ የማይቀመጥ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። በመጠጥ ከተጎዱት ብዙዎቹ በፊታቸው ላይ ምልክት የላቸውም። ይሁን እንጂ ረኃብና በሽታም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርጉ በእናቲቱ ላይ መፍረድ አይገባም።

ቡና ከዚህ ይለያል፤ ልክ አለውና። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚባለው ነገር ነው። ከዘጌ የመጣ 50 ግራም ቡና ቢወቀጥ በውስጡ 600 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ይገኛል። አቦሉ ብዙውን ይወስዳል፤ ቶናና በረካ የቀረውን ይጨምራሉ። አምስት ሰዎች ሦስቱንም ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሰዋል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ቢሆን 360 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 በላይ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ ሌሎች ሐኪሞች ልኩን 200 ያደርጉታል። ብዙ በጠጡት ዘንድ የሕፃኑ ክብደት ቀንሶ ታይቷልና። እርግዝናው ሲገፋ ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጠጣት፥ ያም ካልሆነ በረካውን መምረጥ ይሻላል። ቡና ከምግብ ጋር ከተጠጣ ደም የሚያበዛውን የብረት ማዕድን ይከለክላልና ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ።

ስለ ትምባሆ ጥቂት ልናገር። ጢሱ በደም ውስጥ የአየርን ስፍራ ይይዛል፤ ኒኮቲን የሚባለውም የደም ሥርን ያጠብባል። ስለዚህ የሚያጨሱ እናቶች ሕፃናት በመካከለኛ ግምት 200 ግራም ያህል ቀለው ይወለዳሉ፤ ሲጃራው ሲበዛ ጉድለቱም ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት የተወች ግን ካላጨሰችው ጋር የተቀራረበ ክብደት ያለው ልጅ ትወልዳለች። በአገራችን የሚያጨሰው አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ስለ ሆነ፥ ከቤት ውጭ ያጭስ፤ የእርሱም ጢስ ሕፃኑን ይነካዋልና።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ የማኅበሩን ሥርዓት የምታዙ እናንተ ናችሁ። ለነፍሰ ጡሯ በዚያው ቀን የተበጠበጠ ብርዝ ይቀዳላት፤ ሰንብቶ የፈላው ጠጅ ሆኗልና አይሰጣት። እንዲህ ከሆነ ከማኅበርተኛው ሳትለይ ልጇን ትጠብቃለች።