ለግራው ጆሮ የመለሰው ቀኙ ነበር
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ያሳካሁትን ነገር እንዳወራ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ተሳስቼ ያነበብኩትን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ኦዲዮግራም ይባላል፤ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው ማግስት የረሳነው።

የረሳችሁ ካላችሁ ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ኦዲዮግራም የመስማት ልኬት የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የድምፁ ቅጥነት ይጨምራል፤ ከወፍራሙ 250 ኸርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ኸርዝ። ከላይ ወደ ታች ደግሞ ኃይሉ በዴሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ መስመሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሰውየው ለመስማት የበለጠ ጩኸት ፈልጓል ማለት ነው። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ ኤክስ ይጻፋል። እያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ በማዳመጫ በአየር በኩል፣ አንዴ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በማንዘር። የችግሩን መጠን የሚነግረን የአየሩ መስመር ነው። ዓይነቱን የሚነግረን ግን በአየሩና በአጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አጥንቱ ደህና ሆኖ አየሩ ብቻ ከወረደ ችግሩ ታምቡሩ ወይም ከጀርባው ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ዘንድ ነው፤ ኮንዳክቲቭ እንለዋለን፣ ብዙ ጊዜም ይታከማል። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ችግሩ ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ላይ ነው፤ ሴንሰሪኒውራል። ሁለቱም ወርደው በመካከላቸው ደግሞ ክፍተት ካለ ቅይጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ እኔም አውቅ ነበር። የተሳሳትኩት ይህን እያወቅኩ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጌዴኦ ዞን ውስጥ፣ ከይርጋጨፌ አልፎ በገደብ በኩል ካለችው ወርቃ አንድ አባት የ11 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ወርቃን በቡናዋ የምታውቋት ትኖራላችሁ። መምህሯ «በግራ በኩል ስጠራት አትሰማኝም» ብሎ ነው የላካት። ታምቡሯን አየሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ቀዳዳም ፈሳሽም የለውም። አባትየው በጌዴኦኛ እያስረዳላት፣ ድምፁን ገና በስሱ ስትሰማ ቁልፉን እንድትጫን ተነግሯት፣ ተለካች።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ኸርዝ ቀኟ በአየር 10፣ 10፣ 15 እና 10 ዴሲቤል፤ ፍጹም ደህና። ግራዋ በአየር 55፣ 60፣ 60 እና 65፤ አማካዩ 60። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው አመዳደብ ከ50 እስከ 65 ያለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ ጉድለት ይባላል። የግራዋ አጥንት ግን 10፣ 10፣ 15 እና 10። እናንተዬ፣ ክፍተቱ እኮ ከ45 እስከ 55 ዴሲቤል ነው! ከዚህ የሚያምር ኮንዳክቲቭ መጽሐፍ ላይ እንኳ አላየሁም። ታምቡሩ ደህና ስለሆነ «ከጀርባው ያሉት አጥንቶች ተላቀዋል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል» ብዬ ጻፍኩና አዲስ አበባ ላክኋት። አባትየው ከቡና ሽያጭ ያስቀመጠውን ገንዘብ ይዞ ከነልጁ ሄደ። ከዲላ ብቻ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዚያ የተቀበሉት ሐኪም ወረቀቴን ከማንበባቸው በፊት ቱኒንግ ፎርክ አንስተው አነዘሩና ግንባሯ መሃል ላይ አስቀመጡት። «በየትኛው ጆሮሽ ሰማሽው?» አሏት። ቀኟን አሳየች። እንግዲህ ኮንዳክቲቭ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወደታመመው ወደ ግራው መሄድ ነበረበት። ወደ ደህናው ከሄደ ግራው ውስጡ ነው የተጎዳው። የእኔ ወረቀትና የልጅቷ ጣት አልተስማሙም። ያመኑት ጣቷን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የራስ ቅል አንድ ነው። ከግራ ጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ስታነዝሩ ቀኙም ውስጠኛ ጆሮ አብሮ ይነዝራል፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ከቁጥር አይገባም። በማዳመጫ የሚሰጠውም ድምፅ ሲበረታ በአጥንት በኩል ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ሲሻገር ግን ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አሁን ቁጥሮቹን መልሳችሁ እዩ። «የግራው አጥንት» ያልኩት ከቀኙ ጋር አንድ በአንድ እኩል ነው። ለግራው የተሰጠው 60 ዴሲቤል ተሻግሮ 50ውን ሲያጣ 10 ይቀራል፤ ቀኙ የሚሰማው ደግሞ ልክ 10ን ነው። በሁለቱም ልኬት ቁልፉን ያስጫናት ቀኙ ጆሮ ነበር። በወረቀቱ ላይ ስለ ግራው ጆሮ የተጻፈ አንድም ነገር አልነበረም፤ ጥላውን ነው ያነበብኩት።

መፍትሔው ማስኪንግ ይባላል። በደህናው ጆሮ ውስጥ የሹሹታ ድምፅ ይለቀቅበትና እሱ በዚያ ተይዞ ሳለ ሌላው ይለካል። ሹሹታው በ10 በ10 ዴሲቤል ይጨመራል። ሦስት ጊዜ ጨምረንበት መልሱ ከቦታው ካልተነቃነቀ እውነተኛው ልኬት እሱ ነው። በጨመርን ቁጥር መልሱም እየተከተለ ከወረደ ግን እስከ አሁን ሲመልስልን የነበረው ደህናው ጆሮ ነው። የልጅቷ ተከተለ። ሹሹታው 30 ሲሆን መልሱ 30፣ 40 ሲሆን 40፣ 50 ሲሆን 50፤ እንዲህ እያለ መሣሪያው እስከሚችለው ድረስ ወርዶ ጠፋ። በአየርም እንዲሁ፤ 100 ዴሲቤል ላይ እንኳ መልስ የለም። ግራው ጆሮ ሴንሰሪኒውራል ነው፣ መጠኑም ሙሉ በሙሉ መደንቆር። የሚከፈት ነገር የለም።

ያኔ ነው አባትየው ከሁለት ዓመት በፊት ልጅቷን ጆሮ ደግፍ ይዟት እንደነበር ያነሳው። ጆሮ ደግፍ አንዱን ጆሮ ብቻ በአንድ ጊዜ ሊያደነቁር እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል። እኔ አልጠየቅኩትም። ክፍተቱ አምሮኝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ኦዲዮግራም ሲመጣልኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው መስመሩ ላይ ሳይሆን ምልክቱ ላይ ነው። አጥንቱ በማእዘን ቅንፍ ከተጻፈ ያለ ማስኪንግ ነው፤ በአራት ማእዘን ቅንፍ ከሆነ ማስኪንግ ተደርጓል። አየሩ ላይ ደግሞ ክቡ በሦስት ማእዘን፣ ኤክሱ በካሬ ይተካል። በአንድ ጆሮ አየርና አጥንት መካከል ከ10 ዴሲቤል በላይ ክፍተት ካለ አጥንቱ ያለ ማስኪንግ አይታመንም። የአንዱ ጆሮ አየር ከሌላኛው አጥንት በ40 ወይም ከዚያ በላይ ከራቀም አየሩ አይታመንም። የልጅቷ ወረቀት ሁለቱንም ያሟላ ነበር፤ የምልክቶቹም ቅርጽ ያለ ማስኪንግ መለካቱን ፊት ለፊት ይናገር ነበር። ለኪዋን አልወቅስም። «ከፍተኛ ክፍተት» ብላ አስምራበት ነበር፤ መልሼ መላክ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሁለቱም ጆሮዎች በጣም ኮንዳክቲቭ ሲሆኑ ማስኪንግም ይቸገራል። ደህና የሚባለውን ጆሮ ለማስያዝ የምንለቀው ሹሹታ ራሱ በርትቶ ወደ ማዶ ይሻገርና የምንለካውን ጆሮ ይሸፍነዋል። ሁለቱም ጆሮው ለዓመታት መግል ሲፈስሰው በኖረ ልጅ ላይ ይህ ይገጥማል። ያኔ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም።

አባትየው ሲመለስ እኔ ዘንድ ጎራ አለ። «ታዲያ ዶክተር፣ ቀዶው ቀረ ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ አባቴ፣ ቀርቷል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ለመንገዱም ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ገንዘቡን አላነሳም። የጠየቀኝ ከእንግዲህ ልጁ የት ትቀመጥ የሚለውን ነው። ቀኝ ጆሮዋ ወደ መምህሩና ወደ ልጆቹ እንዲዞር በክፍሉ ግራ በኩል፣ ግድግዳው አጠገብ፣ ከፊት ወንበር ላይ ብዬ ለመምህሯ ጽፌ ሰጠሁት። መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ ዞራ እንድታይ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት አንድ ጆሮ እንደማይበቃ ነገርኩት። ቀኙን ጆሮዋን ደግሞ በየዓመቱ እንድንለካው ተስማማን። እስከ አሁን 10፣ 10፣ 15፣ 10 ነው።