በንግግር መሃል የሚገባ ገለጻ
የድምፅ ገለጻ ማየት ለተሳናቸው ተመልካቾች በፊልም ንግግሮች መሃል የሚገባ አጭር ትረካ ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ክፍተቱን በሰከንድ ይለካል። እናት «ደብዳቤ አልመጣም» ካለች በኋላ ልጇ እስኪመልስ 4 ሰከንድ አለ እንበል። «እናትየዋ በጣም ተጨንቃ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ደብዳቤውን ቀስ ብላ መሶቡ ሥር ትደብቃለች» የሚለው ረዝሞ የልጁን መልስ ይሸፍናል። «ደብዳቤውን መሶቡ ሥር ትደብቃለች» ይበቃል። መጨነቋ ከድምፅዋ ይታወቃል፤ መደበቋ ግን በዓይን ካልታየ አይታወቅም፤ ውሸቷም የሚገባው በዚህ ነው። በር ሲንኳኳ ይሰማልና አይገለጽም። ቦታ ከጠበበ ገለጻው ከድርጊቱ ትንሽ ሊቀድም ይችላል፤ ምስጢር ግን ቀድሞ አይወጣም። በመጨረሻ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንባቢው ከተጣደፈ ቃል ይቀነሳል።