በሰኔ 30 ሌሊት የማይታየው ሂሳብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍሉ የተሰጠ ገለጻ)



እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «ባንክ ደብተሩ በዓመቱ ውስጥ 16,000 ብር መጨመሩን እያየን፣ እናንተ ደግሞ ትርፉ 7,500 ብር ነው ትላላችሁ፤ የቀረው የት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዶቻችንም በ16,000 ብሩ ተመክተን ለአዳራሹ የ15,000 ብር ወንበር ይገዛ የሚል ሐሳብ አቅርበን ነበር። ዛሬ ለዚሁ መልስ ልንሰጥ ቀርበናል። ለመከታተል እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግተናቸዋል።

በዓመቱ ከመዋጮና ከአዳራሽ ኪራይ በጠቅላላው 168,000 ብር ገባ፤ 152,000 ብር ደግሞ ወጣ። ልዩነቱ 16,000 ብር ነው። ነገር ግን ይህ የሚነግረን ብሩ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ብቻ ነው። ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ፣ በዚያች ሌሊት ሦስት ነገሮች ገና ተንጠልጥለው ይገኛሉ። እነዚህን ወደ የዓመታቸው ለመመለስ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የማስተካከያ ምዝገባ ይባላል።

አንደኛው የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። አስከሬን የሚያመላልሰው መኪናችን፣ ወደ አንኮበር ቁልቁለትም ሆነ ወደ ሌላው መንገድ ሲወጣ ያለ ኢንሹራንስ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ መሆኑ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተደንግጓል። እኛም ከኅዳር 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ውል ገብተን 7,300 ብር በአንድ ጊዜ ከፈልን። በዚያን ዕለት ብሩን በሙሉ ወጪ ብለን ጻፍነው። ሰኔ 30 ሲደርስ ግን ውሉ ገና አላለቀም።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ልዩ ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ሰኔ 8 ወር ነውና «ከ12 ወር 8ቱ አለፈ» ብሎ ማካፈል ይቀላል። ውሉ ግን የሚቆጠረው በቀን ሲሆን፣ በመካከሉ ጳጉሜን አለች። ከኅዳር 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 240 ቀን ነው። የቀረው ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ድምሩ 125 ቀን ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 365 ይሆናሉ። 7,300 ብር ለ365 ሲካፈል በቀን 20 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ያለፈው 4,800 ብር፣ የቀረው 2,500 ብር ነው። በወር ብናሰላው ያለፈው 4,866 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆን ነበር፤ ጳጉሜንን የዘነጋነው ማለት ነው። የውሉ ወረቀት በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ መቁጠር ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመትም ቆጠራውን እንደገና ማየት ያሻል።

ምዝገባው እንዲህ ነው፤ «ቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስ» የሚለው ሂሳብ በ2,500 ብር ዴቢት ይሆናል፣ የኢንሹራንስ ወጪ በ2,500 ብር ክሬዲት ይሆናል። ወጪው ወደ 4,800 ይወርዳል፤ ቀሪው የሚመጣው ዓመት ድርሻ ነው።

ሁለተኛው የደመወዝ ነው። ጥበቃውና የዕቃ ቤት ኃላፊው የተቀጠሩት ሐምሌ 11 ቀን ሲሆን፣ ደመወዛቸውን በየወሩ በ10 ነው የሚቀበሉት። የሁለቱ ድምር በወር 4,500 ብር ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ሰኔ 10 ተቀበሉ። ከሰኔ 11 እስከ 30 ግን 20 ቀን ሠርተዋል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊቱን ያደሩበት ጉልበት ነው። ብሩ አልወጣም፣ ዕዳው ግን አለ። በቀን 150 ብር ሲታሰብ 3,000 ብር ይሆናል። የደመወዝ ወጪ በ3,000 ብር ዴቢት፣ «ያልተከፈለ ደመወዝ» በ3,000 ብር ክሬዲት ይጻፋል። የወር ደመወዝተኛ በአገራችን ልማድ ለጳጉሜን ለብቻ ስለማይከፈለው፣ እዚህ ወሩን በ30 ማካፈሉ ይበቃል።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ሐምሌ 10 ቀን ነው። ያን ዕለት 4,500 ብር ሲከፈል ጸሐፊው እንደ ልማዱ ሙሉውን ወጪ ብሎ ከጻፈው፣ የሰኔው 3,000 ብር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ትክክለኛው 3,000ው ዕዳውን እንዲያጠፋ፣ 1,500ው ብቻ የአዲሱ ዓመት ወጪ እንዲሆን ነው።

ሦስተኛው የአዳራሹ ኪራይ ነው። ግንቦት 1 ቀን አንድ ተከራይ የስድስት ወር ኪራይ 12,000 ብር በቅድሚያ ከፈለን። ደስ አለን፤ ሙሉውንም ገቢ ብለን መዘገብነው። ነገር ግን እስከ ሰኔ 30 አዳራሹን ያገለገለበት ሁለት ወር ብቻ ነው። በወር 2,000 ብር ሲታሰብ ያገኘነው 4,000 ብር ነው። 8,000ው የተቀበልነው እንጂ ያገኘነው አይደለም። ነገ ጣሪያው ቢያፈስና አዳራሹ ቢዘጋ፣ ሰውዬው መጥቶ «ብሬን መልሱልኝ» ቢል ምን እንመልስለታለን? ስለዚህ የኪራይ ገቢ በ8,000 ብር ዴቢት፣ «አገልግሎት ያልተሰጠበት ቅድሚያ ክፍያ» በ8,000 ብር ክሬዲት ይሆናል። ይህም ከሐምሌ ጀምሮ በየወሩ 2,000 እየተቀነሰ ወደ ገቢ ይዛወራል።

እንግዲህ አብረን እንደምር። ከ16,000 እንነሣ። ኢንሹራንሱ 2,500 ይጨምራል፣ ደመወዙ 3,000 ይቀንሳል፣ ኪራዩ 8,000 ይቀንሳል። የቀረው 7,500 ብር ነው። የጠፋ ብር የለም። ባንክ ያለውም ያው ነው፤ ከሦስቱ ምዝገባዎች አንዱም ጥሬ ገንዘብን አልነካም። የማስተካከያ ምዝገባ ጥሬ ገንዘብ ከነካ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ 7,500ውም ቢሆን በሙሉ የሚመዘዝ አይደለም። በውስጡ ያለው 2,500 ብር ለኢንሹራንሱ የተከፈለ ስለሆነ ወንበር አይገዛም፤ ውሉ ቢሰረዝ እንኳ ያው ሙሉ ሂሳብ ይመለሳል ተብሎ አይታሰብም። ስለዚህ ከ16,000 ብር ላይ የተከራዩን 8,000 እና የሠራተኞቹን 3,000 ስናነሣ፣ በነፃነት ልንወስንበት የምንችለው 5,000 ብር ብቻ ነው። ወንበሩን በ15,000 ብር ገዝተን ቢሆን ኖሮ፣ ሐምሌ 10 የጥበቃውን ደመወዝ የምንከፍለው ለሐዘንተኛ ካስቀመጥነው መጠባበቂያ ላይ በሆነ ነበር።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባላትም ሂሳብ ሲመረምሩ ሦስት ነገር ይዩ። ሐምሌ 10 ከተከፈለ በኋላ የሰኔው ያልተከፈለ ደመወዝ ዜሮ መሆን አለበት። ጥቅምት 30 ላይ ውሉ ሲያልቅ ቅድሚያ የተከፈለው ኢንሹራንስ ዜሮ መሆን አለበት። የተከራዩ ቅድሚያ ክፍያም ምን ጊዜም በቀሩት ወራት በ2,000 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ፣ መዝገቡን ይዘው ይጥሩን።

በሚመጣው ሰኔ የመጀመሪያ ሥራችን የሚሆነው የኢንሹራንሱን ውል፣ የደመወዝ መዝገቡንና የኪራይ ውሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀን መቁጠር ነው። የወንበሩ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ይታያል።