«የኮሶ ሻጭ ልጅ»፦ የትኛውን መጽሐፍ እንመን?
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በንባብ ክበባችን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅነት የተጻፉ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ስናነብ አንድ ጥያቄ አከራከረን። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን በእርግጥ ኮሶ ይሸጡ ነበር? አንዱ ጸሐፊ እንደ ታወቀ እውነት ይጽፈዋል። ሌላው ጠላት ያወጣው ስም ማጥፊያ ነው ይላል። ልብ ወለዱና ቲያትሩ ደግሞ የየራሱን ቀለም ይጨምርበታል። በመካከላችን በጉሊትና በገበያ ልጆቻችንን ያሳደግን ብዙዎች ስላለን፣ የአንዲት እናት መተዳደሪያ እንዴት ስድብ እንደ ሆነ ማወቅ ለእኛ ተራ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን በሒሳብ ሥራ እንደለመድነው፣ እያንዳንዱን ቃል ከምንጩ ጋር እያመሳከርን ለማየት ሞከርን።

በመጀመሪያ ያደረግነው ጥያቄውን መከፋፈል ነው። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው አባባል ሦስት ነገር አጣብቆ ይዟል። አንደኛ፣ ሰዎች ካሣን እንዲህ ብለው ይሰድቡት ነበር። ሁለተኛ፣ እናቱ በእርግጥ ኮሶ ሸጠዋል። ሦስተኛ፣ ካሣ ዘር የሌለው የድኻ ልጅ ነበር። አንዱ እውነት ቢሆን ሌሎቹም እውነት ናቸው ማለት አይደለም። ብዙ መጻሕፍት የሚጋጩት ሦስቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ ነው።

ቀጥለን ምስክሮቹን ቆጠርን። ዐሥር መጽሐፍ አንድ ነገር ቢል ዐሥር ምስክር አገኘን ማለት አይደለም። ዘጠኙ ከአንዱ ገልብጠው ከሆነ ያለን ምስክር አንድ ነው፤ አንድ ደረሰኝ ዐሥር ጊዜ ቢገለበጥ ዐሥር ክፍያ እንደማይሆን ሁሉ። በአውሮፓ ቋንቋ ከተጻፉት ውስጥ ቀደም ካሉት አንዱ የሄንሪ ስተርን መጽሐፍ ነው። ስተርን ለቤተ እስራኤል ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሚስዮናዊ ሲሆን፣ በ1860 እ.ኤ.አ. አገራችንን አይቶ በ1862 መጽሐፉን ለንደን ላይ አሳተመ። የንጉሡ እናት ተቸግረው ኮሶ እስከ መሸጥ መድረሳቸውን የጻፈው እዚያ ላይ ነው። የመቅደላ ጦርነት ካለፈ በኋላ ስለ ቴዎድሮስ በውጭ አገር ብዙ መጽሐፍ ወጣ። ከእነዚያ አንዱ ኮሶውን ሲጠቅስ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህን ከማን ሰማህ?» ብለን ነው። መልሱ ስተርን ከሆነ አዲስ ምስክር አላገኘንም።

ስተርንን ራሱን እንመርምረው። ካሣ የተወለዱት በ1818 ገደማ ነው፤ ስተርን የመጣው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የሰማውን ጻፈ እንጂ ያየውን አልጻፈም። በሌላ በኩል ያን መጽሐፍ ሲጽፍ በንጉሡ ላይ ቂም አልነበረውም። በ1863 ግን ታሰረ፤ ከክሱም አንዱ በመጽሐፉ ስለ ንጉሡ ትውልድ የጻፈው ነበር። የተፈታው በ1868 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ስለ እስራቱ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። አንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ ከጻፈ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ከመታሰሩ በፊት የጻፈው ይሻላል። ከእስራት በኋላ ስለ አሳሪው የሚጽፍ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችን «ንጉሡ እንዲያ የተቆጡት እውነት ስለ ሆነ ነው» ብለን ነበር። ይህ አያስኬድም። ሰው በእውነትም በሐሰትም ይቆጣል። ቁጣው የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ነገር ብቻ ነው፤ ስድቡ ሲነገር የቆየና የሚያምም መሆኑን። በአገራችን የሚተረከውም ይህንኑ ያግዛል። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ ሲዘምት ተማረከ፤ ካሣም ኮሶ አስጠጣው ይባላል። ታሪኩ ሲተረክ እየተዋበ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስድቡን የፈረንጅ መጽሐፍ እንዳልፈጠረው ያሳያል።

የአገራችን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ደግሞ በሌላ ሚዛን ይታያሉ። አለቃ ዘነብ የጻፉት ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ነው፤ አለቃ ወልደ ማርያም ከሞታቸው በኋላ። ዘነብ ለዘመኑና ለቦታው ይቀርባሉ፤ ግን ንጉሡ በዙፋን ላይ ተቀምጠው የንጉሡን እናት የሚያሳንስ ቃል መጻፍ ለማን ይቀላል? ወልደ ማርያም ያ ፍርሃት አልነበረባቸውም፤ ከነገሩ ግን ይርቃሉ። ስለዚህ አንዱን ጸሐፊ «የታመነ» ሌላውን «ያልታመነ» ብለን ከላይ እስከ ታች አንፈርጅም። ለጦርነቱ ቀን የምናምነውን ጸሐፊ ለእናትየው ኑሮ ላናምነው እንችላለን። ከሁሉ የሚጠቅመን አንድ ጸሐፊ ከፍላጎቱ ተቃራኒ የሆነ ነገር ሲጽፍ ነው፤ ወዳጅ የሚያሳፍረውን፣ ጠላትም የሚያስከብረውን ሲመሰክር።

ሦስተኛው ነገር፣ «ዘር የሌለው የድኻ ልጅ» የሚለው፣ በዚህ ምርመራ አይጸናም። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩ። ግብፆችን ድል ያደረጉት ደጃዝማች ክንፉም ዘመዳቸው ናቸው። አንዱ መጽሐፍ ክንፉን ወንድም ይላቸዋል፣ ሌላው አጎት። ጸሐፊዎቹ በዝምድናው ዓይነት ቢለያዩም በዝምድናው መኖር ይስማማሉ። እንዲህ ያለው ልዩነት እንዲያውም አንዱ ከሌላው እንዳልገለበጠ ይጠቁማል። በአንጻሩ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ እግዚአብሔር ከትቢያ አነሣኝ ማለታቸውን ለድኽነታቸው ማስረጃ የሚያደርጉ አሉ። ይህ ግን ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የትሕትና አነጋገር ነው። የንብረት ዝርዝር አይደለም።

ታዲያ ሁለተኛው ጥያቄስ? አባት ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለዘመድ ተከፋፍሎ እናቲቱ ልጅ ይዘው ጎንደር ቢገቡ፣ የባላባት ሚስት የነበሩ ሴት ኮሶ ሸጠው ማደራቸው የሚያስገርም አይሆንም። ባልዋ የሞተባት ሴት ከድርሻዋ ስትገፋ አይተናል። ኮሶ ደግሞ ለኮሶ ትል በየቤቱ ይጠጣ የነበረ መድኃኒት ነው፤ ገበያ አያጣም። ስለዚህ የባላባት ዘር መሆንና ኮሶ መሸጥ አይጋጩም። ተጋጩ ያስባሉት «ባላባት ነበሩ» የሚለው ወገንና «ድኻ ነበሩ» የሚለው ወገን የሚጽፉበት ዓላማ ነው። ነገር ግን ሊሆን የሚችል ሁሉ ሆኗል ማለት አይደለም። ስተርን የሰማው ያው በጠላት አፍ የዞረ ስድብ ከሆነ፣ ስድቡና መጽሐፉ ሁለት ምስክር ሳይሆኑ አንድ ናቸው። በዚያ ዘመን ጎንደር ገበያ የነበረ፣ ከስድቡም ከስተርንም ያልቀዳ ሰው ጽሑፍ ቢገኝ ሚዛኑ ይለወጣል።

ስለዚህ በክበባችን መዝገብ ላይ ያሰፈርነው እንዲህ ይላል፦ «ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሏቸው ነበር፤ በአባታቸው ወገን ግን የቋራ ባላባት ናቸው፤ እናታቸው ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኮሶ ሸጠዋል ይባላል፤ ሊሆን ይችላል፣ አልተረጋገጠም።» ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ማናችንም ብንሆን ያነበብነው አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያጥር ነበር፤ ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱን ግን ያሳስተን ነበር።