«ሪሲት» ሁሉ ደረሰኝ አይደለም

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኢሜይል ነው። ዱባይ ውስጥ በጽዳት ኩባንያ ሦስት ዓመት የሠራች እህታችን ኮንትራቷ ሲያልቅ ከቢሮ በእንግሊዝኛ ተጻፈላት። ጓደኛዋ ቃል በቃል እንዲህ ብሎ ተረጎመላት፦ «በደግነት የመጨረሻ ስምምነትሽን ደረሰኝ አረጋግጪ፤ ጉርሻና የመውጫ ደመወዝ ይጨምራል፤ ምንም የላቀ ክፍያ የለም።»

እሷም ደረሰኝ ሊልኩልኝ ነው ብላ «የስ፣ ኮንፈርምድ» ብላ መለሰች። ገንዘቡ ግን ገና ባንክ አልገባም ነበር።

እስቲ ኢሜይሉን እንደገና እናንብበው። «ሪሲት» ወረቀቱም ነው፣ መቀበሉም ነው። «ኮንፈርም ሪሲት» ሲሉ «መቀበልሽን አረጋግጪ» ማለታቸው ነው። (የእኛም «ደረሰኝ» ቃሉን ካያችሁት «እጄ ገባ» ማለት ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ወረቀቱን ብቻ እናስባለን።) «ሴትልመንት» እዚህ ጋ ስምምነት ሳይሆን የስንብት ሂሳብ ነው። «አውትስታንዲንግ» ሰው ሲያሞግሱበት የላቀ ይሆናል፣ ከገንዘብ ጋር ሲመጣ ግን ያልተከፈለ ቀሪ ነው። ስለዚህ የእህታችን መልስ «ሁሉን ተቀብያለሁ፣ ቀሪ የለኝም» የሚል ሆኖ ተቀመጠ። «ካይንድሊ»ም ደግነት አይደለም፣ «እባክሽ» ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው «ግራቹዊቲ» ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ጉርሻ፣ ቲፕ ማለት ነው። ጉርሻ ደግሞ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው ነውና ማን ይጠይቃል? በሥራ ደብዳቤ ላይ ግን የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ መብት ነው። በኤምሬትስ የ2021 የሥራ ሕግ ኩባንያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራ የውጭ አገር ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይታሰብለታል። የእህታችን መሠረታዊ ደመወዝ 1,000 ድርሃም ነው። ለ30 ስናካፍለው በቀን 33 ከሳንቲም ይመጣል። ሦስት ዓመት 63 ቀን ነው፤ ስለዚህ 2,100 ድርሃም ይገባታል። የቤትና የትራንስፖርት አበል እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ቤት ውስጥ የምትሠሩ ሌላ ሕግ ስላላችሁ ይህን ስሌት ለራሳችሁ አትውሰዱት።

«ሊቭ ሳላሪ»ም የመውጫ አይደለም፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ክፍያ ነው።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ ሁለቱን ነገር ለያይታችሁ መልሱ፦ ኢሜይሉ ደርሶኛል፤ ገንዘቡ ግን ገና ነው፣ «ፔይመንት ኖት ዬት ሪሲቭድ»። የሂሳቡን ዝርዝርም ጠይቁ። በዚሁ ሕግ አሠሪው ኮንትራቱ ባለቀ በ14 ቀን ውስጥ ሂሳቡን መክፈል አለበት። እህታችንም በማግስቱ ሁለተኛ ኢሜይል ጽፋ የመጀመሪያው መልሷ ስለ ገንዘቡ እንዳልነበረ አስታወቀች፣ የባንክ መግለጫዋንም አያይዛ ላከች።