የጋቢያችን ስም በአንድ መስመር
(በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሒሳብ ያዥ ስለ ማስታወቂያ ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባን መዝገቡ ነው። ለጥጥና ለክር ብለን ለአባላት ካበደርነው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ካዝናችን አልተመለሰም። የት እንዳለ ስንፈልገው መደርደሪያ ላይ ታጥፎ አገኘነው። ዘጠኝ ጋቢ ነው። ጋቢዎቹ በቴሌግራምና በጂጂ ላይ ወጥተው ሁለት ወር ቆይተዋል፤ የተሸጠው ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከጥቂት አባላት ጋር ቁጭ ብለን ማስታወቂያችንን እንደ ገዢ ሆነን አነበብነው። ዛሬ የምናቀርበው ከዚያ ያገኘነውን ነው።

መጀመሪያ ገዢዋ ምን እንደምታይ እንይ። አዲስ አበባ ያለች ሴት ጂጂ ላይ ገብታ «ጋቢ» ብላ ትፈልጋለች። የሚመጣላት ረጅም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ዕቃ የምታየው አንድ ፎቶ፣ ዋጋ፣ የከተማ ስምና አጭር ርዕስ ነው። ርዕሱ ከረዘመ መጨረሻው ይቆረጣል። የጻፍነውን ዝርዝር የምታነበው ያን አጭር ርዕስ አይታ ከነካችው ብቻ ነው። ቴሌግራምም ከዚህ አይርቅም፤ መልእክታችን ስልኳ ላይ ሲደርስ የሚታያት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው።

የእኛ ርዕስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ምርጥ ጥራት ያለው ቆንጆ የባህል ጋቢ በተመጣጣኝ ዋጋ»። ስንጽፈው ጥሩ መስሎን ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ሞከርን። «ጋቢ» ብለን ፈልገን መጀመሪያ የመጡትን አሥር ማስታወቂያዎች ርዕስ ወረቀት ላይ ገለበጥን። ከአንድ በላይ በሆነ ርዕስ ላይ የተገኘውን ቃል ሁሉ በእስክሪብቶ ሰረዝን። «ምርጥ» ተሰረዘ፤ «ጥራት ያለው» ተሰረዘ፤ «ቆንጆ»፣ «የባህል»፣ «ተመጣጣኝ» ሁሉም ተሰረዙ። ከእኛ ርዕስ የተረፈው «ጋቢ» ብቻ ሆነ፤ እሱም የሁሉም ነው፤ ተፈልጎ እንዲገኝ ግን ግድ ያስፈልጋል። ርዕሳችን ከጎረቤቱ የሚለየን አንድም ቃል አልነበረውም ማለት ነው።

«ምርጥ» የሚለው ቃል ውሸት ሆኖ አይደለም የተሰረዘው። የማንኛውም ሻጭ ጋቢ ምርጥ ነኝ ስለሚል ለገዢዋ ምንም አይነግራትም። ገበያ መሐል ሁሉም ሲጮኽ የአንዱ ድምፅ እንደማይሰማው ነው። ስለዚህ ለራሳችን አንድ ጥያቄ ያዝን፦ «ይህን ቃል ከጎናችን ያለው ሻጭም በእውነት ሊለው ይችላል?» ሊል ከቻለ ቃሉ ከርዕሱ ይውጣ።

ታዲያ ሌላው ሊለው የማይችለው ምንድን ነው? መልሱ እጃችን ላይ ነበር። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራ የጥጥ ልብስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዶርዜ ላይ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው፤ ጥጡን የምንፈትለው እኛ ሴቶች ነን። አሁን ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ገበያው ላይ ሙሉ በሙሉ ከፋብሪካ ክር የተሠራ፣ አንዳንዴም በማሽን የተሸመነ ልብስ በዚያው «ጋቢ» በሚለው ስም ይሸጣል። ሁለቱ በፎቶ ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። ገዢዋ ሁለቱን አንድ ዓይነት ዕቃ አድርጋ ካየች የምትመርጠው ርካሹን ነው። ያን ጊዜ እናቶች ሌሊት ፋኖስ አብርተው የፈተሉበት ድካም ዋጋው ዜሮ ይሆናል። መዝገባችን ላይ የጎደለው ገንዘብ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ርዕሱን እንዲህ ለወጥነው፦ «የዶርዜ ጋቢ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ 2.60 በ1.70 ሜትር»። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን። ገዢዋ የምትፈልግበት ስም ቀድሞ ይመጣል፤ ርዕሱ ቢቆረጥ እንኳ እሱ ይቀራል። ከዚያ ከሌላው የሚለየን ነገር ይከተላል። ልክ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቢቆረጥም ዝርዝሩ ውስጥ ታገኘዋለች። ዋጋና ከተማ ጂጂ ራሱ ከርዕሱ አጠገብ ስለሚያሳይ ርዕሱ ውስጥ አልደገምናቸውም።

«ዶርዜ» የሚለውን ስም በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሽመና የዶርዜ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች የጋሞ ደጋ አካባቢዎችም ይሸመናል፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ ብዙ ሸማኔዎችም ከእኛው አካባቢ የሄዱ ናቸው። ስሙ ስለታወቀ ብለን ሌላ ቦታ የተሠራውን ሁሉ ዶርዜ ካልን፣ የሚያውቅ ገዢ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ይይዘናል። ሌላ ቦታ ለተሠራው «የጋሞ ጋቢ» ማለት ይበቃል። «በእጅ የተፈተለ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ድሩ የፋብሪካ ከሆነ «ማጉ» ብለን እንለይ። ገዢዋ ስትቀበለው ልታረጋግጥ ትችላለች፤ በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ይህን ክር ከቅርብ የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶ ስናክል ርዕሱ ማስረጃ አገኘ።

አሁን ወደ መክፈቻው መስመር እንሂድ። የድሮው መክፈቻችን እንዲህ ነበር፦ «ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ! ማኅበራችን ለእናንተ በልዩ ሁኔታ ያዘጋጀውን ስናቀርብ በታላቅ ደስታ ነው። ዋጋ በውስጥ መስመር»። ሰላምታ መስጠት ወጋችን ነው፤ ቤት ለመጣ እንግዳ ሰላም ሳይሉ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው። ስልክ ላይ ግን የሚታዩት ጥቂት ቃላት በሙሉ በሰላምታ አለቁ፤ ገዢዋ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳታውቅ አለፈች። ሰላምታውን አልጣልነውም፤ ወደ መጨረሻ፣ ስልክ ቁጥሩ አጠገብ አወረድነው።

በቦታው ምን እንደምናስገባ ለማወቅ የሒሳብ ሰው ዘዴ ተጠቀምን። የመጡልንን መልእክቶች በሙሉ ደብተር ላይ ጽፈን ቆጠርናቸው። ከአሥራ አራቱ ስምንቱ «ዋጋው ስንት ነው?» ይሉ ነበር። ሦስቱ «እውነት የእጅ ሥራ ነው?»፣ ሁለቱ «አዲስ አበባ እንዴት ይደርሰኛል?» ይላሉ። የቀረው አንዱ ስለ ቀለም ነው። ዋጋ ከጠየቁት ስምንቱ መልስ ስንሰጥ አምስቱ ዝም አሉ፤ መልሳችን እስኪደርስ ሌላ ቦታ ገዝተው ይሆናል። ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መክፈቻው መስመር ላይ የጎደለ ቃል ነው። ስለዚህ አዲሱን መክፈቻ በጥያቄዎቹ ብዛት ቅደም ተከተል ጻፍነው፦

«ዋጋ 3,600 ብር። ዶርዜ በእጅ የተሸመነ ባለ አራት ድርብ ጋቢ፤ ማጉን የፈተሉት የማኅበራችን እናቶች ናቸው፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ እንልካለን፤ የመላኪያውን ገዢው ይከፍላል። ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው።»

ይህ የቴሌግራሙ ነው፤ እዚያ ዋጋ ለብቻው የሚታይበት ቦታ ስለሌለ ቀደምነው። ለጂጂው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያ አመጣነው። ዋጋ ከጻፍን ተፎካካሪ ያየዋል ብለው የተከራከሩን አባላት አሉ። እውነት ነው፣ ያየዋል። ነገር ግን ተፎካካሪ ደውሎም ሊጠይቅ ይችላል፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ገዢዋ ናት።

ሌላው ያስተዋልነው የፊደል ጉዳይ ነው። ስልኩ የሚፈልገው በተጻፈው ፊደል ልክ ነው። «ሀበሻ ቀሚስ» ብለን ስንፈልግና «ሐበሻ ቀሚስ» ብለን ስንፈልግ ስልካችን ላይ የመጣው ዝርዝር የተለያየ ነበር። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለስልኩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል Gabi ብሎ የሚፈልግም ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ እናድርግ፤ ሌላውን አጻጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ አንዴ እናስገባ። ዱንጉዛ የመሰለውን የራሳችንን ስም ደግሞ፣ ገዢ ሁሉ ስለማይፈልግበት፣ ከርዕሱ ይልቅ ዝርዝሩ ውስጥ ከነማብራሪያው ብንጽፈው ይሻላል።

ለውጡ መሥራቱን በምን እናውቃለን? ጂጂ ስንት ሰው ማስታወቂያውን እንዳየ ለሻጩ ያሳያል። ያየው ሰው ጥቂት ከሆነ ችግሩ ርዕሱ ወይም የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ብዙ ሰው አይቶ ማንም ካልጠየቀ ደግሞ ችግሩ መክፈቻው ወይም ዋጋው ነው። የቴሌግራም ቁጥር ግን አያታልላችሁ፤ ሳያነብ የሚያልፈውንም ይቆጥራል፤ እዚያ መቁጠር ያለብን መልእክቱን ነው። ርዕሱን፣ ፎቶውንና ዋጋውን በአንድ ቀን አትለውጡ። ሁሉንም ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። አንዱን ለውጡ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ደብተር ላይ ጻፉ።

ያገኘነውንም የቀረንንም ልንደብቅ አንፈልግም። ከቀሩት ስምንት ጋቢዎች አምስቱ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ተሸጡ፤ የሦስት አባላት የክር ብድር ተዘጋ። ሦስቱ ግን አሁንም አሉ። ሁለቱ ጥላ ውስጥ ፎቶ ስለተነሡ ነጩ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ ይህን ርዕስ አያድነውም። ሦስተኛው ላይ የሽመና ጉድለት አለ፤ መክፈቻው ላይ ጉድለቱን ጽፈን ዋጋውን ቀንሰን እናወጣዋለን።

የዛሬው ሥራችን ይህ ነው። እያንዳንድሽ ያወጣሽውን ርዕስ ወረቀት ላይ ገልብጪ፤ ጎረቤት ሻጭም ሊለው የሚችለውን ቃል ሁሉ ሰርዢ። ባዶ ከሆነብሽ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ እኛ ነዪ፤ ጋቢውን ዘርግተን አብረን እናያለን።