ራውተሩ ሳሎን፣ ማማው ሰፈር ማዶ



ራውተሩ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እናንተ መኝታ ቤት ናችሁ። በመካከላችሁ ቢበዛ 8 ሜትር ቢኖር ነው። ቪዲዮ ትከፍታላችሁ፤ ትንሽ ይሄድና ቆሞ መሽከርከር ይጀምራል። ይሰለቻችኋል፤ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ዳታ ታበራላችሁ። ቪዲዮው ያለምንም ችግር ይሄዳል። የዳታው ማማ ደግሞ ያለው እዚያ ማዶ፣ ከአንድ ሕንፃ አናት ላይ፣ 500 ሜትር ርቆ ነው። የቅርቡ አቅቶት የሩቁ እንዴት ቻለ? ዛሬ የምናወጋው ስለዚህች ነገር ነው።

ዋይፋይም ሆነ የሞባይል ዳታ ሬዲዮ ናቸው። እኔን አሁን የምትሰሙበት ሞገድም የእነሱ ዘመድ ነው። ልዩነታቸው ከጉልበት ይጀምራል። የቤት ራውተር በተለመደው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚለቀው ኃይል 0.1 ዋት አካባቢ ነው። ይህ የአምራቹ ስስት አይደለም። ዋይፋይ የሚሠራበት ሞገድ ማንም ያለ ፈቃድ የሚጠቀምበት የጋራ ሜዳ ስለሆነ፣ አንዱ ጮኾ ሌላውን እንዳይረብሽ ጉልበቱ በሕግ የተገደበ ነው። የሞባይል ኩባንያ ግን የራሱ ብቻ የሆነ ሞገድ ተፈቅዶለታል፤ በዚያ ላይ እጅግ ከፍ አድርጎ ሊጮኽ ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ማማው ወደ እናንተ ሰፈር 20 ዋት ይልካል እንበል። አንቴናው ደግሞ ያንን ኃይል ወደ ሰማይና ወደ ኋላ አይበትነውም፤ አጥብቦ ወደ ቤቶቹ ያዞረዋል። እንዲህ ሲጠብ በእናንተ አቅጣጫ 50 እጥፍ ይጠነክራል፤ 1,000 ዋት በየአቅጣጫው እኩል የሚረጭ ማሠራጫ ያህል ማለት ነው። ከራውተሩ 0.1 ዋት ጋር ሲነጻጸር 10,000 እጥፍ ነው። ርቀቱ ደግሞ ያስከፍለዋል። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። 500 ሜትር የ8 ሜትር 62 ተኩል እጥፍ ነው፤ 62 ተኩልን በራሱ ስታባዙት 3,900 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ማማው በጉልበት 10,000 እጥፍ ያተርፋል፣ በርቀት 3,900 እጥፍ ይከስራል። መንገዱ ክፍት ከሆነ የሩቁ ማማ ሲግናል መስኮታችሁ ላይ ሲደርስ ከሳሎኑ ራውተር አያንስም ማለት ነው። በመካከል ያሉት ቤቶችና ዛፎች በእርግጥ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም ርቀቱ ብቻውን እንደምናስበው ወሳኝ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ወሳኙ ግድግዳው ነው።

የሬዲዮ ሞገድ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ በአንድ ሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። ግድግዳ ሲያገኝ ከፊሉ ገና ከላዩ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የገባው ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ለማወዛወዝ ይሞክራል፤ በዚህ ድካም ኃይሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ መነሻው 0.1 ዋት ነውና። ደረቅ እንጨትና ተራ መስታወት ብዙም አይወስዱበትም። ውኃ ግን ይበላዋል። ከሻወር ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ የከረመ፣ ቀለሙ የተነፋ ግድግዳ ካላችሁ፣ ያ ግድግዳ ከደረቁ የበለጠ ሲግናል ይወስዳል። ብረት ደግሞ ከነጭራሹ አያሳልፍም፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀሱ የመጣውን ሞገድ መልሰው ይወረውሩታል። ላሜራ በር ሲዘጋ ዋይፋዩ የሚደክመው ለዚህ ነው። የፍሪጅ ጀርባ፣ ትልቅ መስታወት፣ የብረት ቁም ሳጥን፣ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። ትልቁ መስታወት እዚህ የገባው በጀርባው በተቀባው ስስ ብረት ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሞገዱ ድግግሞሽ ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይወዛወዛል የሚለው። ጎረቤት ሰርግ ሲኖር ከበሮው በግድግዳው ዘልቆ ይሰማችኋል፤ ዘፋኙ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ወፍራሙ ድምፅ ያልፋል፣ ቀጭኑ ይቀራል። በሬዲዮም በአመዛኙ እንዲሁ ነው። የሞባይል ኔትወርክ 900 ሜጋኸርዝን የመሰሉ ዝቅ ያሉ ሞገዶች አሉት፤ ርዝመታቸው 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። እያጠረ በሄደ ቁጥር ብሎኬቱና ኮንክሪቱ የሚወስዱበት ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ራውተሮች ሁለት ስም ያሳያሉ፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ `5G` ይላል። ይህ ከሞባይሉ አምስተኛ ትውልድ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው። ሰው ግን «ትልቁ ይሻላል» ብሎ መኝታ ቤት ሆኖ እሱን ይመርጣል። ሳሎን ውስጥ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ይፈጥናል። ሁለት ግድግዳ አልፎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሸናፊው እሱ ነው።

የእህቴን ቤት ልንገራችሁ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ የብረት ማስቀመጫ ላይ ነበር። በስልክ ላይ የሲግናል መጠን የሚያሳዩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ፤ ቁጥራቸው በዲቢኤም ነው፣ ከፊቱም ማይነስ አለው። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፤ 10 ቁጥር ሲወርድ የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። ማይነስ 30 ራውተሩ ሥር ነው፤ ማይነስ 67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ በደንብ ይሄዳል፤ ከማይነስ 80 በታች መቆራረጥ ይጀምራል። ግድግዳ ባይኖር ኖሮ በ8 ሜትር ላይ ማይነስ 48 አካባቢ ይጠበቅ ነበር። ሁለቱ የተለሰኑ የብሎኬት ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው 7 ያህል ቢወስዱ ማይነስ 62 ይሆናል፤ ይህ ደህና ነው። በመኝታ ቤቱ የታየው ግን ማይነስ 78 ነበር። የጎደለው 16 የት ሄደ? ቴሌቪዥኑና የብረት ማስቀመጫው ገና ከመነሻው ወስደውታል። ሌላው ደግሞ ከራውተሩ ወደ አልጋው ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ፣ መስመሩ ግድግዳውን በሰያፍ ነው የሚቆርጠው፤ 15 ሴንቲ ሜትር የነበረው ብሎኬት በሰያፍ ሲታለፍ 30 ሊሆን ይችላል። ጥጉ ላይ ደግሞ ፌሮ የታሰረበት የኮንክሪት ኮለን ቆሟል።

ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን፣ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ከበሩ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ሲግናሉ በብሎኬቱ ከመታገል በተከፈተው በር መግባት ቻለ። መኝታ ቤቱ ማይነስ 64 ሆነ። ወጪው ሁለት ምስማርና የተወሰነ ሜትር ገመድ ነው። ከዚያ በፊት ባለቤቷ «ትልቅ አንቴና ያለው እንግዛ» ሲል ነበር፤ ራውተሩ እዚያው ብረቱ መሃል ከቆየ ግን አንቴና ቢጨመርለትም ለውጡ ትንሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስልኩ ላይ የሚታዩት የሲግናል ዘንጎች ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ብቻ ነው የሚናገሩት። ራውተሩ ስልኩን ይስማው አይስማው አይነግሩንም። ቪዲዮ ለማየት ግን ስልኩም መልስ መላክ አለበት፤ «ይህ ደረሰኝ፣ ቀጣዩን ላክ» ይላል። የስልክ ዋይፋይ ጉልበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩም ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ዘንግ እየታየ ምንም የማይከፍትበት ጊዜ አለ። በሞባይል ዳታ ማማው ስልኩን «አልሰማሁህም፣ ጨምር» እያለ በየጊዜው ያዘዋል፤ ስልኩ እስከ 0.2 ዋት ድረስ ይጨምራል፤ ማማው ላይ ያለው ትልቅ አንቴናም ደካማ ድምፅ ለቅሞ መስማት ይችላል። ዋጋው ባትሪ ነው። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልካችሁ የሚግለውና ቻርጅ ቶሎ የሚጨርሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዳታ ሁልጊዜ ያሸንፋል ግን አልልም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ ሱቅ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለ መጋዘን፣ ወይም ብረት የተቀባ አንጸባራቂ መስታወት በለበሰ ፎቅ ውስጥ ማማው በውጪ ይቀራል። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ 0.1 ዋት ራውተር ያለምንም ችግር ያሠራል፤ መከልከያው ብረት ከእሱ ጀርባ ነውና። ወሳኙ ነገር ግድግዳው በማን መንገድ ላይ እንደቆመ ነው።

የሲግናል ማጉያ፣ ብዙዎች ሪፒተር የሚሉትን፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲሰካው ነው። እዚያ የሚያጎላው ነገር አያገኝም። መካከል ላይ፣ ቁጥሩ ገና ማይነስ 65 አካባቢ በሆነበት ቦታ ይሁን። ያም ሆኖ ርካሾቹ በአንዱ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው መልሰው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ግድግዳውን በስታችሁ የኔትወርክ ገመድ አሳልፋችሁ ከወዲያ በኩል ሁለተኛ ራውተር ብታስቀምጡ ይሻላል። ብሎኬት ገመድን አይከለክልም።

ከመግዛታችሁም ከመብሳታችሁም በፊት ግን ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ፣ አንድ ሜትር ላይ ቁሙና ያንኑ ቪዲዮ ክፈቱ። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከቆመ ችግሩ ግድግዳው ነው። እዚያው ራውተሩ ሥር ዘንጉ ሙሉ ሆኖ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ግድግዳው የለበትም። ዋይፋይ ከሳሎን እስከ አልጋ ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ኢንተርኔቱ እስከ ሳሎን የሚመጣው በፋይበር ወይም በመዳብ መስመር ነው፣ በአንዳንዱ ቤትም ራውተሩ ውስጥ በገባ ሲም ካርድ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ይህ መስመር ነው፤ ወይም ጥቅሉ አልቋል። ያን ጊዜ መደወል ወደ አገልግሎት ሰጪው ነው።